ከፎቶው ጫፍ የቀረችው መስመር

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የሚኒባስ ሹፌር ነኝ። ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ወጥቼ ማታ 2 ሰዓት ተኩል እገባለሁ። ልጄ አምስተኛ ክፍል ናት። መጽሐፉ ለሁለት አንድ ነው የደረሳቸው። ጓደኛዋ ይዛው ስትሄድ እናቷ ገጹን ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልናለች። ባለፈው ማክሰኞ አራት ክፍልፋዮች መጡ፤ 3/4፣ 1/2፣ 5/6 እና 2/3። ደመርኳቸው። ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። 2 3/4 ሆነ፤ ሁለቴ አረጋገጥኩ። በማግስቱ ደብተሯ ላይ ትልቅ ኤክስ። ልጄ ምንም አላለችኝም። ሐሙስ ግን «የቤት ሥራ የለንም» አለችኝ፤ ነበራት። ሚስቴ አስጠኚ እንቅጠር ትላለች፤ ገንዘቡ የለንም። እኔ ትምህርት ያቆምኩት ከዘጠነኛ ነው። እጄን ላውጣ ወይስ ምን ላድርግ? ሁለት ፎቶ ልኬልዎታለሁ።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ድምሩን ልንገርህ። ልክ ነው። የአራቱን የጋራ ታህት 12 አድርገህ 9፣ 6፣ 10 እና 8 አግኝተሃል። ሲደመር 33/12፤ ሲቃለል 2 3/4። ቀኑን ሙሉ መሪ ሲጨብጥ ለዋለ ሰው ንጹህ ሥራ ነው። ኤክሱ የመጣው ስለተሳሳትክ አይደለም። ደምር ያለህ ስላልነበረ ነው።

ፎቶውን በሁለት ጣት አስፍተህ የላይኛውን ጫፍ ተመልከተው። ከቁጥሮቹ በላይ አንዲት መስመር ነበረች። አንሺዋ ስታነሳ ተቆርጣለች፤ የፊደሎቹ እግር ብቻ ነው የቀረው። እኔ እንደምንም አፍጥጬ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቃላት አወጣኋቸው፤ «ተከተል ጻፉ» ይላሉ። ከዚያ በፊት ያለውን መገመት አይከብድም። ክፍልፋዮቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ በቅደም ተከተል ጻፉ ነው የተባለው።

ምልክቶቹንም እያቸው። በመሃላቸው ያለው ነጠላ ሰረዝ ነው። ነጠላ ሰረዝ ሁለት ነጥብና አንድ ጭረት ናት፤ ፎቶ ሲደበዝዝ ነጥቦቹ ይገናኙና ቁጭ መደመሪያ ትሆናለች። ብዙ ሰው ተሸውዶባታል። ግን አንድ ሌላ ነገር ይናገር ነበር። በመስመሩ መጨረሻ ላይ የእኩል ይሆናል ምልክት የለም። የመደመር ጥያቄ ቢሆን ኖሮ መጨረሻው ላይ = ተጽፎ፣ ከሱ ቀጥሎ ባዶ ቦታ ይተው ነበር። ይኼ ሲጎድል ጥያቄው ስሌት ሳይሆን ሌላ ነገር እንደሆነ ጠርጥር።

አሁን ስለ እኛ ቤት ላውራህ። የመጣብህ ነገር እኛም ዘንድ መጥቷል፤ ባለቤቴ እንድጽፈው ፈቅዷል።

ባለቤቴ በያጅ ነው። በርና መስኮት ይሠራል። እኔ ሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ፤ አሥራ ሰባት ዓመት። ስለዚህ በቤታችን ውስጥ የቤት ሥራ የእኔ፣ የተሰበረ ወንበር የእሱ ነበር። ልጃችን ስድስተኛ ክፍል እያለች እኔ ለለቅሶ ደብረ ብርሃን ሄድኩና ሁለት ሌሊት አደርኩ። በመጀመሪያዋ ሌሊት ባለቤቴ ማታ 3 ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ላይ ገባ። ቀኑን ሙሉ የብረት በር ሲበይድ ውሏል። ብየዳ ዓይን ውስጥ አሸዋ የበተኑ ያህል ያቃጥላል፤ መነጽር ቢደረግም ማታ ማታ ይቆረቁራል። ሽሮውን በላ። ጫማውን እንኳ አላወለቀም።

ልጅቷ ስልኩን ይዛ አጠገቡ ቆመች። «አባዬ፣ ይቺን ብቻ።»

ያቺ «ይቺን ብቻ» ታውቃታለህ መቼም።

መብራት ጠፍቶ ስለነበር የላከችው ልጅ ፎቶውን ያነሳችው በስልክ ፍላሽ ነው። ከገጹ መሃል ነጭ ክብ ወጥቷል። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ አንዲት ሴት 2 1/2 ኪሎ ግራም ቡና አላት፤ እያንዳንዱ 1/4 ኪሎ ግራም በሚይዝ ከረጢት ብታሽገው ስንት ከረጢት ይወጣዋል? ነጩ ክብ ያረፈው ቁጥሩ ላይ ነው። ባለቤቴ 2 1/2 የሚለውን 21/2 ብሎ አነበበው። ሃያ አንድ ለሁለት።

ከትምህርት ቤት የቀረችው አንዲት ነገር ነበረች፤ «ሁለተኛውን ገልብጠህ አባዛ»። ገለበጠ። 21/2 ሲባዛ በ4/1፣ 84/2 ሆነ። አካፈለ፤ 42 ወጣ። «42 ከረጢት» አላትና ፍራሹ ላይ ጋደም አለ። ልጅቷ መጻፍ ጀመረች።

ትንሽ ቆይታ ጠየቀችው። «አባዬ፣ ሴትዮዋ ነጋዴ ናት?»

«ምነው?»

«42 ከረጢት ቡና ቤት ውስጥ ምን ያደርግላታል?»

እሱ ሲያወራ እንደነገረኝ፣ መጀመሪያ ሊቆጣ ነበር። ከዚያ ተነስቶ ተቀመጠ። «አንቺ ሩብ ኪሎ ቡና ስትገዢ ምን ያህላል?» አላት። ባለሱቁ የሚሰጣትን ፌስታል በሁለት እጇ ለክታ አሳየችው። «አንድ ኪሎ ውስጥ ስንት እንደሱ አለ?» አራት አለችው። «ሁለተኛው ኪሎ ውስጥስ?» አራት። «ተኩሉ ውስጥስ?» ሁለት። ደመረችው፤ አሥር።

«ታዲያ 42 ከየት መጣ?»

እሷም እሱም አያውቁም። 42 ሩብ ቡና ማለት አሥር ኪሎ ተኩል ነው። ስልኩን ተቀብሎ ፎቶውን አሰፋው። ያኔ አየው። የክፍልፋዩ መስመር ከ1 ሥር ብቻ ነው ያለው፤ ከ2 ሥር አልደረሰም። 2 ደግሞ ከሌሎቹ ጎላ ብላ መሃል ላይ ቆማለች። ሃያ አንድ ለሁለት ቢሆን ኖሮ መስመሩ ሁለቱንም አኃዞች ተሸክሞ ይረዝም ነበር። ድብልቅ ቁጥርን ከተራ ክፍልፋይ የምትለየው በዚህ ነው፤ በመስመሩ ርዝመት። ፎቶ ሲደበዝዝ ግን መጀመሪያ የሚጠፋውም ይኸው ነው።

እንደገና ሠሩት። ሁለት ኪሎ ተኩል ማለት አምስት ግማሽ ነው፤ 5/2። በ4/1 ሲባዛ 20/2፤ 10። በጣት ከቆጠሩት ጋር ገጠመ።

ይኼኔ ልጅቷ እኔ ለዓመታት ከተማሪዎቼ ስሸሸው የኖርኩትን ጥያቄ ጠየቀችው። «ለምንድን ነው የሚገለበጠው?»

እኔ ብሆን «ተገላቢጦሽ» ምናምን ብዬ ሰሌዳ እሞላ ነበር። እሱ ግን «አንድ ቱቦላሬ ብረት ስንት ሜትር ነው?» አላት። የበያጅ ልጅ ናት፤ ስድስት አለች። «ግማሽ ግማሽ ሜትር እያደረግኩ ብቆርጠው ስንት ይወጣዋል?» አሥራ ሁለት። «ለማካፈል ጠይቄሽ በስንት አባዛሽው?» በሁለት። «ለምን?» አሰበች። «አንድ ሜትር ውስጥ ሁለት ግማሽ ስላለ።»

በቃ፤ ይኸው ነው። በግማሽ ማካፈል በሁለት ማባዛት የሚሆነው እያንዳንዱ አንድ ውስጥ ሁለት ግማሽ ስላለ ነው። በሩብ ማካፈል በአራት ማባዛት የሚሆነውም ለዚህ ነው። ሰውዬው በየቀኑ ብረት ላይ ሲሠራው የኖረውን ነገር ሒሳብ መሆኑን አላወቀም ነበር።

ከዚያ ግን የሙያ ነገር ሆነና አላስችል ብሎት ጨመረላት። «አሥራ ሁለተኛዋ ግን ታጥራለች።» መቁረጫ ዲስኩ ራሱ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ብረት ይበላል። አሥራ ሁለት ቁራጭ ለማውጣት አሥራ አንድ ጊዜ ይቆረጣል። 33 ሚሊ ሜትር ብናኝ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የመጨረሻዋ ግማሽ ሜትር ሦስት ሳንቲ ሜትር ከምናምን ታጥራለች። ልጅቷ ይህንንም ከመልሱ ሥር ጻፈችው። በማግስቱ ደብተሩ የተመለሰው አስተማሪዋ አጠገቡ የጥያቄ ምልክት አድርጎበት ነው።

ይህን ሁሉ ያወራሁህ ለአንድ ነገር ነው። ባለቤቴን ያዳነው የሒሳብ ችሎታ አይደለም። ልጅቷ መልሱን ወደ ቡና መመለሷ ነው። አንተም ማክሰኞ ማታ 2 3/4 ስታገኝ «ይኼ የምን 2 3/4 ነው?» ብለህ ብትጠይቃት ኖሮ፣ ምናልባት «እኛ እኮ ክፍል ውስጥ የተማርነው ማነጻጸር ነው» ትልህ ነበር። ልጆች የትናንቱን ትምህርት ርዕስ ያውቁታል። የክፍል ሥራ ደብተሯን ክፈትና የመጨረሻውን ገጽ እይ። አስተማሪው ሰሌዳ ላይ የሠራው ምሳሌ እዚያ አለ። የቤት ሥራው ዘጠኝ ጊዜ ከአሥሩ የዚያ ወንድም ነው። ከፎቶው የተቆረጠችውን መስመር ደብተሩ ይነግርህ ነበር።

አሁን ወደ አራቱ ክፍልፋዮችህ። 3/4፣ 1/2፣ 5/6፣ 2/3። አንድ ነገር ላሳይህ፤ ለልጅህ ደግሞ አንተ ታሳያታለህ።

አራት እኩል ዳቦ አስብ። የመጀመሪያው አራት ቦታ ተቆርጧል፤ አንድ ቁራጭ ተበልቶ ሦስት ቀርቷል። ሁለተኛው ሁለት ቦታ፤ አንድ ተበልቶ አንድ ቀርቷል። ሦስተኛው ስድስት ቦታ፤ አንድ ተበልቶ አምስት። አራተኛው ሦስት ቦታ፤ አንድ ተበልቶ ሁለት። ከሁሉም የተበላው አንድ አንድ ቁራጭ ብቻ ነው። ታዲያ የትኛው ዳቦ ነው ብዙ የቀረው? ትንሿ ቁራጭ የተበላችበት። ስድስት ቦታ የተቆረጠው ቁራጩ ትንሽ ነው፤ ስለዚህ 5/6 ትልቁ ነው። ቀጥሎ 3/4፣ ቀጥሎ 2/3፣ መጨረሻ 1/2። ከትንሽ ወደ ትልቅ ስትጽፈው 1/2፣ 2/3፣ 3/4፣ 5/6።

ታህት አልፈለግንም። እርሳስ አልያዝንም። መጽሐፉን ያዘጋጀው ሰው እነዚህን አራት ቁጥሮች የመረጠው በአጋጣሚ አይመስለኝም፤ ሁሉም ከአንድ ሙሉ አንድ ቁራጭ የጎደላቸው ናቸው። ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይመችም። 3/5 እና 4/7 ቢመጡልህ ከሁለቱም የጎደለው ከአንድ ቁራጭ በላይ ነው፤ ዳቦው አያዋጣህም። ያኔ አንተ በሠራኸው መንገድ የጋራ ታህት ይፈለጋል። 21/35 እና 20/35 ይሆናሉ፤ 3/5 በአንዲት 35ኛ ይበልጣል።

ግማሽ ሰዓት የፈጀብህን ወረቀትም አትጣለው። 9፣ 6፣ 10 እና 8 ብለህ የጻፍካቸው እነዚያው ላዕሎች መልሱን ይዘዋል። 6፣ 8፣ 9፣ 10 ብለህ ብትደረድራቸው አልቆ ነበር። መደመር የምትባለው የመጨረሻ እርምጃ ናት የበዛችው። ይህን ለልጅህ በዚያው ወረቀት ላይ አሳያት። «አባባ አልቻለም» ብላ ከያዘች፣ ይህ ከምክር ይሻላል።

ስለ ፎቶው ደግሞ ትንሽ የማያምር ነገር ልናገር። ችግራችሁ ፎቶው መጥፎ መሆኑ ብቻ አይደለም። ፎቶው መጥፎ መሆኑን የምታውቀው ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ መሆኑ ነው። ያን ሰዓት የጓደኛዋ እናት ተኝታ ይሆናል፤ ደውለህ «ድገሚልን» አትላትም። ፎቶው የሚደርሰው ግን ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲገቡ፣ አሥር ሰዓት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ ልጅህ እንደደረሳት ታሰፋው። አንድ ሥራ ብቻ ስጣት፤ ከላይኛው መስመር እስከ ታችኛው ድምጿን አውጥታ ታንብበው። የማይነበብ ቃል ካለ ያኔውኑ ትጠይቅ። አንተም ተራ ይዘህ ሰው እስኪሞላ ስትጠብቅ ልታየው ትችላለህ። መኪናው ቆሞ እያለ ማለቴ ነው፤ ቀይ መብራት ላይ እንዳትጀምር። አትሥራው፤ ሙሉ መሆኑን ብቻ እይ። አራቱ የገጹ ማዕዘኖች ይታያሉ? መመሪያው አለ? በቃ።

ለጓደኛዋ እናትም በትህትና ሦስት ነገር ልመናት። አንደኛ፣ መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ስልኩን ከላይ ቀጥ አድርጋ ትያዝ። በጎን ሲነሳ የሩቁ ጫፍ ይደበዝዛል፤ መመሪያው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለው ጫፍ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ፍላሹን ታጥፋ፤ በመስኮት አጠገብ ወይ መብራቱ ከጎን በሚመጣበት ቦታ ታንሳ። የመጽሐፍ ወረቀት ያብረቀርቃል፤ ፍላሽ ሲያርፍበት የኛን ሁለት ተኩል ሃያ አንድ ለሁለት ያደርገዋል። ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ስትልከው መጠኑን ይቀንሰዋል፤ ትንንሽ ቁጥሮች የሚደበዝዙት አንድም በዚህ ነው። የወረቀት መያዣዋን ምልክት ነክታ File የሚለውን መርጣ ከዚያ ፎቶውን ብትልከው እንደተነሳ ነው የሚደርሰው። ዳታ ትንሽ ይበላል። ለአንድ ገጽ ግን አይከብድም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የማይገባህ ጥያቄ ይመጣል። ይመጣል። ያኔ ሰዓት ይዘህ 20 ደቂቃ ሞክር፤ ከዚያ አቁም። እስከደረሳችሁበት የሠራችሁት በልጅቷ እጅ ይጻፍና ከሥሩ ለአስተማሪው አንድ መስመር ይጨመር። እንዲህ ያለ፦ «መምህር፣ የፎቶው የላይኛው መስመር ተቆርጦብን ነበር። መደመር መስሎን የጋራ ታህት አውጥተን እዚህ ደርሰናል።» አስተማሪ ሆኜ ስልህ ነው፤ እንዲህ ዓይነት መስመር ያየሁበት ደብተር ላይ ኤክስ አድርጌ አላውቅም። ባዶ ገጽ ሳይ ልጅቷ አልሞከረችም እላለሁ። ሙሉ በሙሉ ልክ የሆነ፣ በትልቅ ሰው እጅ የተጻፈ ገጽ ሳይ ደግሞ ልጅቷ ምን እንደምታውቅ ምንም አልሰማም። የተሳሳተ ግን የተብራራ ገጽ ሳይ የት ጋ እንደጠፋች አየዋለሁ። ስለዚህ አንተ የምትሠራው ሁልጊዜ ሌላ ወረቀት ላይ ይሁን። ደብተሩን አትንካው።

የሐሙሱን ውሸት እንዳትቆጣበት። እኔ እንደሚመስለኝ ከኤክሱ ይልቅ ያሳሰበቻት የአንተ ግማሽ ሰዓት ናት። ደክመህ ገብተህ ተቀምጠህ ሠርተህ፣ ያ ሁሉ ሆኖ ስህተት ሲሆን፣ ድጋሚ ልታስቸግርህ አልፈለገችም። የዳቦውን ነገር አሳያትና ሐሙስ የነበረውን እሷ ራሷ ታምጣው፤ አታንሳባት።

አስጠኚውን በተመለከተ ባለቤትህ የምትለው ያለምክንያት አይደለም፤ ግን ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አንዲት ጥያቄ ጠይቋት። 1/2 እና 1/3 የቱ ይበልጣል በላት። ሳታስብ ግማሽ ካለች መሠረቱ አለ፤ የጎደለው ፎቶው ነው፣ ለፎቶ ደግሞ አስጠኚ አይቀጠርም። «ሦስት ከሁለት ስለሚበልጥ 1/3» ካለች ግን ሌላ ነገር ነው። ይህ በዚህ ዕድሜ በጣም የተለመደ ስህተት ነው፤ ታህቱን እንደ ተራ ቁጥር ታየዋለች ማለት ነው። ያኔም ከአስጠኚው በፊት እሁድ ጠዋት አንድ ዳቦ ለሁለት፣ አንድ ዳቦ ለሦስት እሷው ትቁረጥ። የራሷን ድርሻ የምትመርጠው እሷ ትሁን። ሁለት ሦስት እሁድ ሞክራችሁ አሁንም ከተምታታባት ያኔ አስተማሪዋን አግኝታችሁ ተነጋገሩ። አንዳንድ ትምህርት ቤት ለሚደክሙ ልጆች የማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣል፤ የእናንተም ይኖረው እንደሆነ ያኔ ጠይቁ።

ዘጠነኛ ክፍል ላይ አቆምኩ ያልከውን አይቼዋለሁ። የአራት ክፍልፋይ የጋራ ታህት ፈልጎ ማግኘት ግን አስተምሬ ካሳለፍኳቸው ልጆች ብዙዎቹ ዛሬ አይችሉትም። አንተ ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ሠርተኸዋል።

ሁለተኛውን ፎቶ ግን ልረዳህ አልቻልኩም። ሁለቴ አሰፋሁት፤ የሚታየው የአንሺዋ አውራ ጣት ነው። ከጣቱ ጎን 7 ትመስላለች፤ 1ም ልትሆን ትችላለች። አስነሳውና መልሰህ ላክልኝ።